ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፦ የደም መስጫ መከታተያ ቻርት እና ሪአክሽን ሲመጣ ነርስ የምትሠራው

ሄርንደን ፎርትናይትሊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከማኅበራችን የነርሲንግ ተማሪዎች ጋር ስንገናኝ በጣም የሚያከራክረን ርዕስ ደም ስለሚሰጠው ታካሚ ክትትል ነው። ደረጃዎቹን ሁሉም በቃሉ ይዟቸዋል። አቁም፣ ሳላይን ክፈት፣ ደውል ይላል። ቻርቱ ፊቱ ሲቀመጥና «የትኛው መስመር ላይ ነው ማቆም የነበረብን?» ስለው ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ለልምምድ ብለን አንድ ታካሚ ፈጠርን። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን በዚህ አካባቢ የሚሠራ ማንኛውም ሐበሻ ነርስ ያውቃታል። ዛሬ የማካፍላችሁ የእሷን ቻርት ነው።

ታካሚያችን የ71 ዓመት እናት ናቸው፤ እማማ እንበላቸው። ሄሞግሎቢናቸው 6.6 ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሙ አንድ ከረጢት ቀይ የደም ሕዋስ አዟል፤ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አጠገባቸው ልጃቸው ተቀምጣለች። እንግሊዝኛ ጥቂት ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም።

ቻርቱ የሚጀምረው ደሙ ሳይጀመር ነው። በ13:40 ነርሷ የመነሻውን መስመር ጻፈች፦ ሙቀት 36.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የልብ ምት 88፣ የደም ግፊት 142/84፣ ትንፋሽ 18፣ ኦክስጅን 96 በመቶ። ብዙ ተማሪ ይህን መስመር እንደ ቅጽ ማሟያ ያየዋል። ከሱ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ግን የሚነበበው ከዚህ መስመር ጋር እየተነጻጸረ ነው። ትኩሳት የምንለው ሙቀቱ 38 ደርሶ ከመነሻው ደግሞ ቢያንስ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ነው። መነሻው ያልተለካ ወይም ከጠዋቱ ዙር የተገለበጠ ከሆነ ጭማሪውን የምናሰላበት ነገር የለንም። መነሻው ላይ ከቁጥር ሌላም መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ታካሚው አስቀድሞ የሚያመው ምን እንደሆነ፣ ሽፍታ ካለው የት እንዳለ፣ ትኩሳት የሚያወርድ መድኃኒት ከወሰደ መቼ እንደወሰደ ይመዘገባል። እማማ የቆየ የወገብ ሕመም አላቸው። ነርሷ ይህን አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

ደሙ በ13:50 ተጀመረ፤ ፓምፑ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ላይ ተሞልቷል። መጀመሪያ ላይ ቀስ የምንለው ብርቱዎቹ ሪአክሽኖች ገና ጥቂት ደም እንደገባ ሊታዩ ስለሚችሉ ነው። የደም ዓይነቱ የማይስማማ ከሆነ ከ50 ሚሊ ሊትር በታች እንኳ ሰውን ለከባድ አደጋ ይዳርጋል። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ነርሷ ከታካሚው አጠገብ የማትጠፋውም ለዚሁ ነው። በ15ኛው ደቂቃ ቁጥሮቹ እንደገና ይለካሉ። ሁሉም ደህና ከሆነ ፍጥነቱ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ፣ በመጨረሻም ደሙ ሲያልቅ ይለካል። ከረጢቱ በጠቅላላው በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የጊዜ ክፍተቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ትንሽ ይለያያልና የምትሠሩበትን ደንብ ተከተሉ።

የ14:05 መስመር እንዲህ ይላል፦ ሙቀት 37.2፣ ልብ ምት 96፣ ግፊት 138/82፣ ትንፋሽ 20፣ ኦክስጅን 96። በቁጥር ብቻ ካያችሁት የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ከቁጥሩ ጎን ያለው የአስተያየት ሳጥን ግን እንዲህ ይላል፦ «የወገብ ሕመም ከ8:00 ጀምሮ፤ ትንሽ ፍርሃት።» ነርሷ ፍጥነቱን ወደ 120 ከፍ አድርጋ ሄደች።

አሁን በክፍሉ ውስጥ በአማርኛ የተባለውን ስሙ። ነርሷ ደህና መሆናቸውን ስትጠይቅ እማማ ለልጃቸው፦

«ወገቤን ቀስፎ ይዞኛል። ደግሞ እንጃ፣ ባር ባር ይለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?»

«አሁን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ።»

ልጅቷም ወገባቸውን ከስምንት ጀምሮ እንዳመማቸውና ትንሽ እንደፈሩ በእንግሊዝኛ ተናገረች። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ጠፋ።

የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። የእማማ ስምንት ሰዓት እዚህ ግድግዳው ላይ 14:00 ነው። ሕመሙ የጀመረው ደሙ ከተከፈተ ከ10 ደቂቃ በኋላ ነበር። ቻርቱ ላይ ግን 8:00 ተብሎ ስለተጻፈ ደሙ ከመጀመሩ ስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የነበረ ሕመም ሆነ። ቻርቱን ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሐኪም ሕመሙን ከደሙ ጋር የሚያያይዝበት ምክንያት አያገኝም። ይህን ስሕተት ለልምምዱ ብዬ ከባዶ አልፈጠርኩትም። ተማሪ ሳለሁ የአክስቴን የሆድ ሕመም ለሐኪም ሳስተረጉም እኔው ራሴ በዚሁ መንገድ ስድስት ሰዓት አሳስቼ ነበር። እሷ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» አለች፤ እኔ ሦስት ብዬ ተረጎምኩ፤ ሐኪሙ ከሌሊቱ ዘጠኝ ጀምሮ የታመመች አድርጎ ጻፈው። በሁለት ሰዓት ዓይነት ስንኖር ስንት ዓመት ሆኖን ስናስተረጉም ግን ይጠፋናል። መፍትሔው ቀላል ነው። «በስንት ሰዓት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ደሙ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ ከጀመረ በኋላ?» በሉ። ቻርቱ ላይም «ደም በተጀመረ በ10ኛው ደቂቃ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው «ባር ባር ይለኛል» የሚለው ነው። በነርሲንግ መጻሕፍት ውስጥ ከአጣዳፊ ሪአክሽን ምልክቶች መካከል አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፦ ታካሚው አንድ ክፉ ነገር ሊደርስበት እንደሆነ ይሰማዋል ይላል። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ፤ እንዴት ነው ይህ የሕመም ምልክት የሚሆነው ይላሉ። አማርኛው እኮ ስም አውጥቶለታል። «ባር ባር አለኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ነገሩ አላማረኝም» የሚል ሰው ደም እየገባለት ከሆነ ፈርቷል ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ቃሉ ራሱ ከነትርጉሙ ቻርቱ ላይ ይጻፋል። ሌሎቹንም ልብ በሉ፦ «ብርድ ብርድ አለኝ»፣ «ደረቴን አፈነኝ»፣ «ክንዴን አቃጠለኝ»። የመጨረሻውን መርፌው ስለነካቸው ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ደሙ በሚገባበት ጅማት ላይ የሚሰማ ማቃጠል ግን ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ ነው።

የቤተሰብ አስተርጓሚን በተመለከተ ብዙ አልልም። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅቷ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ያልሠለጠነችበትን ሥራ ነው የሰጧት።

እማማ ጮክ ብለው ለምን አልተናገሩም የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር። አገር ቤት የደም ባንክ ሥራ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሥር በነበረበት ዘመን ታካሚ ደም ሲያስፈልገው ቤተሰቡ ሄዶ ምትክ መስጠቱ የተለመደ ነበር። አንድ ከረጢት ደም ለማግኘት ወንድምና ጎረቤት የተለመነበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው «ትንሽ ወገቤን አመመኝ» ብሎ ደሙ እንዲነቀል አይፈልግም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «እማማ፣ ምንም ነገር ቢሰማዎት ይንገሩን፤ ይህ ቢቆም ሌላ ይመጣልዎታል።»

በ14:20 እማማ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሙቀት 38.1፣ ልብ ምት 112፣ ግፊት 128/76፣ ትንፋሽ 22፣ ኦክስጅን 95። ሙቀቱ ከመነሻው በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። እስካሁን የገባውን ደም አስሉት። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 15 ሚሊ ሊትር፣ በሁለተኛው 30፣ በድምሩ 45 ነው። በ14:05 ቆሞ ቢሆን ኖሮ 15 ብቻ ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፓምፑ ይቆማል፤ ከታካሚው አጠገብ ያለው መቆለፊያም ይዘጋል። ሐኪም እስኪጠየቅ አይጠበቅም፤ ደም ለማቆም ትእዛዝ አያስፈልግም። ቀጥሎ የደሙ ቱቦ ከክንዳቸው መግቢያ ላይ ይነቀልና በአዲስ ቱቦ ኖርማል ሳላይን ይገጠማል። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በደሙ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ሳላይን ስላለ እሱን መክፈት ብቻ ይበቃል ይላሉ። ያ ቱቦ ግን ደም እንደሞላ ነው፤ ሳላይኑ ሲከፈት የሚገፋው ያንን ደም ወደ እማማ ነው። ደሙን አቆምኩ ብላችሁ ጥቂት ሚሊ ሊትር ትጨምሩላቸዋላችሁ። መርፌው ራሱ ግን አይነቀልም፤ ግፊታቸው ቢወርድ ፈሳሽና መድኃኒት የሚገባው በሱ ነው።

ነርሷ ከክፍሉ አትወጣም፤ በጥሪው ደወል ሰው ትጠራለች። አንዷ ሐኪሙ ጋ ስትደውል ሌላዋ ቁጥሮቹን በየ5 ደቂቃው ትለካለች፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ኦክስጅን ይሰጣል። በዚያው መሀል ሁለት ሰው ሆኖ የእጅ መለያው፣ የከረጢቱ ምልክትና አብሮት የመጣው ወረቀት እንደ አዲስ ይመሳከራሉ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የከረጢቱ ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከዚያ ለደም ባንኩ ይደወላል። ከረጢቱ አይጣልም። ከቀረው ደምና ከነቱቦው፣ መርፌ ሳይኖርበት፣ ወደ ደም ባንኩ ይመለሳል። ከሌላኛው ክንድ አዲስ የደም ናሙና ይወሰዳል፤ መጀመሪያ የሚሸኑት ሽንትም ይላካል። ናሙናው ሲቀዳ በኃይል መሳብ የለበትም፤ ሕዋሶቹ በመርፌው ውስጥ ከፈረሱ ላቦራቶሪው የሚያየው ቅላት ከሪአክሽኑ ይሁን ከአቀዳዱ አይለይም።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። ታካሚው ትኩሳትም የትንፋሽ ችግርም የግፊት ለውጥም ሳይኖረው ጥቂት ቦታ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ብቻ ከወጣበት ደሙ ለጊዜው ቆሞ የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሽፍታው ከጠፋ ሐኪሙ ሲፈቅድ ያው ከረጢት ሊቀጥል ይችላል። ሙቀት ሲኖር ይህ አይሠራም።

ክርክሩ የደመቀው «ታዲያ የእማማ ምንድን ነው?» በሚለው ላይ ነበር። ግማሹ ቀላል ትኩሳት ነው አለ፤ ግማሹ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው አለ። አንዱ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል አለ። እኔ ሁለት ፖስታ አዘጋጅቼ ነበር፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ቻርት እስከ 14:20 ድረስ አንድ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ፖስታ ሲከፈት መለያዎቹ ሁሉ ይስማማሉ። ላቦራቶሪው አዲሱን ናሙና አሽከርክሮ ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን ሲያየው ፈሳሹ እንደ ወትሮው ቢጫ ነው፤ በቀይ ሕዋሶቹ ላይ የተጣበቀ ፀረ አካል መኖሩን የሚያሳየው ምርመራም ኔጌቲቭ ነው። ሽንታቸው ንጹሕ ነው። ከከረጢቱ የተወሰደው ናሙናም ባክቴሪያ አላበቀለም። ይህ ሕዋስ ሳይፈርስ የሚመጣ የትኩሳት ሪአክሽን ነው፤ በብዛት የሚያጋጥመውም እሱ ነው። ትኩሳት ማውረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደሙ አሁንም ካስፈለገ ሌላ ከረጢት ይመጣል። የወገቡ ሕመም የቆየው ሕመም ሆኖ ሊሆን ይችላል። ማቆሙ ግን ትክክል ነበር።

በሁለተኛው ፖስታ ውስጥ ስሙ ይስማማል፤ የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1 ነው፤ ይስማማል። የካርድ ቁጥሩ ግን አንድ አይደለም። ከረጢቱ የመጣው በዚያው ወለል ላይ ለተኛች ሌላ ሐበሻ ታካሚ ነበር። ደሙ ሲጀመር የመለያ ማንበቢያው መሣሪያ እምቢ ስላለ ሁለቱ ነርሶች በቃል አረጋገጡ፤ ስምና የልደት ቀን ጠይቀው አበቁ። ይህን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የእኛ ሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው፤ የራስና የአባት ስም የሚገጣጠምባቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። የልደት ቀናቸው በትክክል ያልተመዘገበላቸው ወላጆቻችንም ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይሞላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ባለ ሆስፒታል በአንድ ወለል ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት እናቶች መገናኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። ለሌላው ሕዝብ ሰውን ለመለየት የሚበቁት ሁለቱ መለያዎች ለእኛ አንዳንዴ አይበቁም። የካርድ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አኃዝ ይነበብ።

በዚህ ፖስታ የእማማ ደም ኦ ነው፤ ከረጢቱ ኤ ነው። የኦ ሰው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የኤን ሕዋስ የሚያጠቃ ፀረ አካል አስቀድሞ አለው፤ የገባው ሕዋስ ጅማት ውስጥ መፍረስ ጀምሯል። የሽክርክሪቱ ፈሳሽ ሮዝ ሆኗል፤ ሽንታቸው ጠቁሯል። አሁን የሚሰጋው ለኩላሊታቸውና ደማቸው የመርጋት ሥርዓቱን እንዳያጣ ነው። ፈሳሽ በብዛት ይሰጣቸዋል፣ ሽንታቸው በየሰዓቱ ይለካል፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰዳሉ። ከ15 እና ከ45 ሚሊ ሊትር መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው፤ የሕመሙ ክብደት ከገባው ደም መጠን ጋር ይሄዳልና።

አንድ ተማሪ በዚህ ጊዜ ያነሳው ነገር ከሁላችንም በላይ ነበር። «የእማማስ ደም የት ሄደ?» አለ። ለደም ባንኩ ወዲያው የምንደውልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ከረጢት ተሳስቶ ከመጣ ሌላኛው ለተሳሳተ ሰው እየሄደ ሊሆን ይችላል። ነርሷ በክፍሉ ውስጥ ስለ እማማ ብቻ እያሰበች ሳለ ደም ባንኩ ሁለተኛዋን ሴት መፈለግ አለበት። እንዲህ ያለ ሪአክሽን ታካሚውን ከገደለ በአሜሪካ ሕግ ሆስፒታሉ ለፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ በ7 ቀን ውስጥም በጽሑፍ ሪፖርት ማድረግ አለበት።

ሁለቱን ፖስታዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። አልጋው አጠገብ በቆመችው ነርስ እጅ ያለው መረጃ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ምርመራ ያለው ሌላ ክፍል ነው። «ቀላል ትኩሳት ይመስለኛል፣ ፍጥነቱን ቀንሼ ልየው» የሚለው ውሳኔ ያለ ማስረጃ የሚደረግ ግምት ነው።

ቀጥሎ ማስታወሻው ይጻፋል። ተማሪዎቹ ጽፈው የተስማሙበት ይህ ነው፦ «ደም 13:50 ተጀመረ። 14:00 (በ10ኛው ደቂቃ) የወገብ ሕመም፤ ታካሚዋ ‹ባር ባር ይለኛል› ብለዋል፤ ትርጉሙ ክፉ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ይሰማኛል ማለት ነው። 14:20 መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት ከ36.8 ወደ 38.1። ደም ወዲያው ቆመ፤ 45 ሚሊ ሊትር ገብቷል። በአዲስ ቱቦ ሳላይን ተከፈተ። 14:22 ሐኪም፣ 14:25 ደም ባንክ ተነገራቸው። ከረጢትና ቱቦ፣ ደምና ሽንት ተልከዋል።» ቀደም ሲል 8:00 ተብሎ የተጻፈው አይሰረዝም፤ እርማት ተብሎ ከነምክንያቱና ከታረመበት ሰዓት ጋር ይጨመራል።

እማማ ወደ ቤት ሲሄዱም ለልጃቸው የሚነገር ነገር አለ። አንዳንድ ሪአክሽን ከቀናት በኋላ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ እንደገና ከደከማቸው ወይም ካተኮሳቸው መደወል አለባቸው፤ ሲደውሉም ደም የተሰጣቸውን ቀን ይናገሩ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ በእጃቸው ስጧቸው።